የዳቦ ቤቱ ሌላኛው ግማሽ

ማሬን አልወዳትም የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ራሱን ይመርመር። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ሰውን ሁሉ «ማሬ» እያለች ስትጠራ እሷም ማሬ ሆና ቀረች። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ማሬ ነው፣ የባንክ ዘበኛው ማሬ ነው፣ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ማሬ ነው። አንድ ጊዜ ቦርሳዋን ነጥቆ የሚሮጠውን ሌባ «ኧረ ማሬ፣ መታወቂያዬን እንኳ!» ብላ ብትጮህበት ዞሮ መታወቂያዋን ወረወረላት አሉ። ይህን የምታወራው ራሷ ስለሆነች ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት።

ስለዚህ የልጅነት ጓደኛዋ ጋጋሪዋ ዳቦ ቤት ልትይዝ ሸሪክ ትፈልጋለች የተባለ ጊዜ፣ ሸሪኳ ማን ይሆን ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ፣ በአንድ ጃንጥላ የሄዱ፣ በአንድ ወንድ ሳይቀር በየተራ የተናደዱ ናቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ተጣልተው አያውቁም። ሰፈሩ ይህን እንደ ሜዳልያ ይቆጥርላቸዋል። ጋጋሪዋም ትቆጥረው ነበር፤ እስከዚያች የጨው ቀን ድረስ።

ነገሩ የተጀመረው በአሠሪዋ ጉልበት ነው። አባባ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ አንድ ቀን ከዱቄት ጆንያ ላይ ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሡና፣ ቆመው ሱሪያቸውን እያራገፉ ጠሯት።

«ስሚ ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ምድጃ ፊት መቆም ለኔ አበቃ። ልጆቼ እንደሆነ ዱቄት ሲያዩ ያስነጥሳቸዋል። ማቡኪያውን፣ ምድጃውን፣ የቤቱን ኪራይ ጭምር አንቺ ያዢው።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ይህን ምድጃ ከሚስቴ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ መቼ እንደሚያኮርፍ ሳይቀር። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የምጠብቅሽ። ጎረቤታችን ሞባይል ሻጩ ግድግዳውን አፍርሶ ሊሰፋ ልቡ ቆሟል። በየቀኑ ነው ሻይ የሚጋብዘኝ። ስኳር እንዳለብኝ እያወቀ!»

ጋጋሪዋ ያጠራቀመችው ለግማሹ ይበቃ ነበር። ግማሹን የሚያመጣ፣ ከዚያም በላይ ጠዋት ማታ አብሮ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋታል። ሌሊቱን ሙሉ ለሌላ ሰው ዳቦ ስትጋግር የኖረች ሴት ናት፤ ማቡኪያው ሲሽከረከር የሚያሰማውን ድምፅ ከእናቷ ድምፅ በፊት ትለየዋለች። እዚያ ቤት ውስጥ የስልክ መሸፈኛ ተደርድሮ ከማይ ሁለት ዓይኔ ይጥፋ አለች። አላጋነነችም፤ እንዲያውም አሳንሳ ነው የተናገረችው።

ማሬ ወሬውን በሰማች በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ጉንጩ አብጦ የገባውን በሽተኛ ወረፋው እስኪደርስ ድረስ በሳቅ ትገድለዋለች። ከአባቷ ውርስ የደረሳት አለ፤ ከግማሹም ትንሽ ያልፋል።

«ማሬ፣ አለቀ፣ ደቀቀ! አንቺ ትጋግሪያለሽ፣ እኔ እሸጣለሁ። ሰው ዳቦ ሊገዛ ይመጣል፣ ስቆ ይሄዳል።»

«ዳቦውንስ ይዞ ይሄዳል?»

«እሱን አንቺ እንዳልሽ» አለች ማሬ፤ ተቃቅፈው ሳቁ።

ሁለተኛውን ሰው ግን ማንም አልጠራውም። ገዢ በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ራሰ በራ ጎልማሳ ገብቶ አንድ ዳቦ ገዛ። አልነከሰውም። ከኪሱ መዳፍ የምታህል ሚዛን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና ዳቦውን አስቀመጠባት።

«ስምንት ግራም ይጎድላል።»

«ሲበስል ውሃው ይተናል ጋሼ።»

«እሱን አስበሽ ነዋ ሊጡን የምትቆርጪው! ደግሞ ምድጃሽ በግራ በኩል ይጋግላል። ይኸው፣ የዚህ ቂጡ ጠቁሯል።»

ደም ስሯ ተገተረ። «ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊመረምሩ?»

«ሸሪክ ልሆን ነው የመጣሁት። አባባ ሊለቁ ነው ሲባል ሰማሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ዳቦ ቤት ነው የሠራሁት፤ ሁለቱን ራሴ ከፍቼ አንዱን ራሴ ዘግቻለሁ። የምታውቂኝ ነገር የለም፤ እኔም አንቺን አላውቅሽም። ዳቦሽን ግን ከዚህ ቀደም ገዝቼ በልቻለሁ። ከስምንት ግራሙ በስተቀር ጎበዝ ነሽ።»

ይህን ብሎ ስልክ ቁጥሩን በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፎ ሄደ። እናትሽ ደህና ናቸው ወይ አላለ፣ ቀኑ ሞቀ በረደ አላለ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚዛኑ ሰውዬ አሉት።

ጋጋሪዋ ቤቷ ገብታ ይህንን ስትናገር እናቷ የሚጠርጉበትን መጥረጊያ ጣሉት።

«ማሬ እያለችልሽ? በልጅነትሽ ኩፍኝ ሲወጣብሽ ከጎንሽ ተኝታ ያደረችው ማን ናት?»

«እማዬ፣ እሷም ኩፍኝ ወጥቶባት ስለነበር ነዋ አንድ ላይ ያስተኛችሁን።»

«ቢሆንስ! አልተነሣችም! ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ኪስ መግባት ምን የሚሉት ነው? ነገ ገንዘብሽን ይዞ ድራሹ ቢጠፋ በምን ታገኚዋለሽ? በሚዛኑ?»

እናት ያሉት ከንቱ አልነበረም። የማያውቁት ሰው ይጠፋል። የሚያውቁት ሰው ደግሞ፣ እንዳላጣው ተብሎ የሚፈራ ሰው ነው። ጋጋሪዋ ይህን ሁለተኛውን ገና በውል አላሰበችውም፤ ግን ዓይኗን ጨፍና ከመፈረም የሚያድናት አንድ የሙያ ልማድ ነበራት። አዲስ ዱቄት ሲመጣ ኩንታሉን በሙሉ አታቦካም። ትንሽ ሊጥ ለይታ አቡክታ፣ አስነሥታ፣ ጋግራ ታየዋለች። ዱቄቱ ከየትኛውም ወፍጮ ይምጣ፣ የወፍጮው ባለቤት አጎቷም ቢሆን ያው ነው።

«ሁለቱንም አንዳንድ ትእዛዝ አብሬያቸው ሠርቼ አያለሁ» አለች።

«ጓደኛን መፈተን!» አሉ እናቷ። «እሰይ! እኔንስ መቼ ነው የምትፈትኚኝ?»

«አንቺ አልፈሻል እማዬ።»

ማሬ ፈተና መባሉን እንደ ልደት ግብዣ ነው የተቀበለችው። በአበባ ያሸበረቀ ሽርጥ ገዝታ፣ ጥፍሯን ቆርጣ፣ ፀጉሯን ሸፍና መጣች። አባባ ከሰዓት በኋላውን ቤቱን ለቀቁላቸው። ትእዛዙ ከጫማ ፋብሪካው የሠራተኞች ምግብ ቤት የመጣ ነው፤ ለራት የሚሆን ክብ ዳቦ።

ጋጋሪዋ ጨውን ሁልጊዜ አስቀድማ መዝና በሰማያዊ ሳህን መደርደሪያው ላይ ታኖራለች። ለሃምሳ ኪሎ ዱቄት አንድ ኪሎ። ያን ቀን ሥራውን ሲከፋፈሉ ጨውና እርሾ ለማሬ ደረሰ። ዱቄቱ ገባ፣ ውሃው ገባ፣ እርሾው ገባ፣ ማቡኪያው መዞር ጀመረ። የማሬ ስልክ ጮኸና «አንዴ ማሬ፣ ከሥራ ቦታ ነው መሰለኝ» ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ጋጋሪዋ ቀና ስትል ሰማያዊው ሳህን ሙሉውን ቁጭ ብሏል።

ረስታዋለች ማለት ነው።

ጠርታ «ማሬ፣ ጨው ጨምረሻል?» ማለት ትችል ነበር። አራት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን የዚያችን አዲስ ሽርጥ አበባ አየችው። ገና በመጀመሪያው ቀን ለምን አሳፍራታለሁ አለች በልቧ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሳህኑን አንሥታ ማቡኪያው ውስጥ ገለበጠችው። ማሬ ተመለሰች፣ ባዶውን ሳህን አየች፣ ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያም ፈገግ አለች። ጋጋሪዋም ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ መከባበር ማቡኪያ አጠገብ ታይቶ አይታወቅም።

ሊጡ አልነሣ አለ። ጨርቅ አልብሰው ቢጠብቁት፣ ጨርቁን ገልጠው ቢያዩት፣ ያው ነው፤ እንደ ተቆጣ ሕፃን ተጨብጦ ተቀምጧል።

«ብርድ ነው መሰለኝ» አለች ማሬ። ሁለቱም ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር።

«ይሆናል፣ አንቺ እንዳልሽ» አለች ጋጋሪዋ።

«አይ፣ አንቺ ካልሽ ነው እንጂ።»

«ትንሽ እንጠብቀው ወይስ እናስገባው?»

«አንቺ ደስ ያለሽን።»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

«ላንቺ የመሰለሽ ለኔም ይመስለኛል ማሬ።»

እንዲህ ሲገባበዙ ሰዓቱ ሄደና ሊጡ እንደ ተጨበጠ ምድጃ ገባ። የወጣው ዳቦ ትንሽ፣ ጥቁር ቡኒና ከባድ ነበር። አንድ ቆርሰው ለሁለት ቀመሱ። ጋጋሪዋ ምላሷ ተሸበሸበ። ማሬን አየቻት። ማሬ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታኝካለች።

«እንዴት ነው?» አለች ጋጋሪዋ።

«ይጣፍጣል!» አለች ማሬ፤ ውሃ ፍለጋም ዞረች።

የምግብ ቤቱ ኃላፊ ዳቦውን በተላከበት መኪና መልሳ ላከችው። አብሮት አንድ መልእክት ነበር፦ ሠራተኞቻችን ጫማ ይሠራሉ እንጂ አይበሉም። ጉድ ፈላ። ከዚያ የሆነው ነገር ግን ከዳቦው ይበልጥ ጋጋሪዋን አሳሰባት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ማሬ።

«ኧረ የኔ ነው» አለች ጋጋሪዋ።

«በጭራሽ! እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

«በፍጹም፣ እኔ ነኝ። ግን ማሬ፣ ጨው ጨምረሽ ነበር እንዴ?»

«እንጃ፣ አላስታውስም ማሬ። ብቻ አንቺ አትዘኚ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩሽ እኮ!»

ጥፋቱን ሁለት ሰው ተሻምቶ፣ ጨው ከየት እንደመጣ የሚነግር አንድ ሰው ጠፋ። ጋጋሪዋ የተመለሰውን ዳቦ ለከብት አርቢ ስታስጭን ቆሽቷ አረረ። ጨው ስለ በዛ አይደለም፤ ማንም ይሳሳታል። እንዲህ እየተሳሰቡ ዳቦ ቤቱን በዓመቱ ለሞባይል ሻጩ ያስረክቡታል፤ ቁልፉን ሲያስረክቡም «አንቺ ስጪው»፣ «ኧረ አንቺ» እየተባባሉ ነው።

ለሚዛኑ ሰውዬ ደወለች።

ሽርጡ ነጭ ነበር፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ። ሰላም ብሎ ገባና እጁን ታጠበ፣ የውሃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ለካ። ማቡኪያው እንደ ተነሣ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሆኖ ጮኸ።

«ጨው ገባ?»

ክው አለች። «ገባ!» ብላ ጮኸች ሳታስበው።

«ማን አስገባው?»

«እኔ!»

«እሺ!»

አለቀ። ያን ሁሉ ዳቦ ያበላሸው ነገር ከአንድ ማስነጠስ ባነሰ ጊዜ ተቋጨ። ማንም አልተቀየመ። ቀጥሎ በውሃው ተጨቃጨቁ። ቀኑ ሞቃት ነው፣ ውሃው ቀዝቀዝ ማለት አለበት አለ፤ እሷ ለብ ያለ ይሁን አለች። ያለው ሆነ፤ ሊጡም ልክ እንዳለው ተነሣ። ቀጥሎ በምድጃው ተጨቃጨቁ። እሷ ትሪዎቹ መሐል ላይ መዞር አለባቸው አለች፤ በግራ በኩል ያለው መደዳ አለዚያ ያርራል። እሱ በር ከተከፈተ ሙቀቱ ይወጣል፣ እሳቱን ቀነስ አድርጎ መተው ይሻላል አለ።

«ይህን ምድጃ እኔ ነኝ የማውቀው» አለች።

«ምድጃ ምድጃ ነው።»

«ይሁን፤ አንዱን ትሪ በእርስዎ መንገድ እንተወው።»

ያ ትሪ ከሰል ሆኖ ወጣ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱ ነካው።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ይዙሩ።»

ጋጋሪዋ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። ዱቄቱ ነው ወይም መብራቱ ነው፣ አለዚያም ዕለቱ ነው ይላል ብላ። እሱ ግን ትሪውን አንሥቶ ወደ ቆሻሻ ገለበጠና ተመለሰ። አንድ ሰው «ተሳስቻለሁ» ብሎ እዚያው ላይ ነጥብ ሲያደርግ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነበር።

ሥራው አልቆ ዳቦው ሲሄድ ሻይ ልጋብዝዎ አለችው። ሰዓቱን አይቶ እምቢ አለ። በምትኩ ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ምንድን ነው?»

«እንዴት እንደምንለያይ።»

«ገና ሳንጀምር?»

«ስንጀምር ነዋ ፊት ለፊት መነጋገር የምንችለው። ስንጣላማ ማን ያወራል? እኔና ታናሽ ወንድሜ ያለ ወረቀት ነበር የከፈትነው። ወንድም ከወንድሙ ወረቀት ይፈራረማል ወይ አለኝ፤ አፈርኩ። ስንለያይ ምድጃውን እኔም ልሸጠው አልቻልኩ፣ እሱም ሊወስደው አልቻለ። እዚያው ተዘግቶበት ዝጎ ቀረ። ወንድሜም እንደዚያው።» ወረቀቱን በእጁ ደልደል አደረገው። «አንዳችን መውጣት ከፈለግን ስድስት ወር አስቀድመን እንናገራለን። ድርሻውን ሁለታችንም የተስማማንበት የውጭ ሰው ይገምታል። መጀመሪያ የመግዛት መብት የቀረው ሰው ነው። ባንክ በሁለት ፊርማ። ሊጡና ሠራተኛው ያንቺ፣ ግዢና ሒሳቡ የኔ። በራሳችን ክልል የመጨረሻው ቃል የራሳችን ነው፤ ከዚያ ውጭ ባለው ካልተስማማን ነገሩ ባለበት ይቆያል።»

ጋጋሪዋ ወረቀቱን ተቀበለች፤ የሰውዬውን አፍ ግን አላመነችም። በማግስቱ ድሮ ዱቄት ያስረክበው የነበረውን ነጋዴ ፈልጋ ጠየቀችው። «ጥንብ እርኩሴን ያወጣል፣ በቀጠረኝ ቀን ግን ይከፍላል» አላት። ቀጥላ አብራው ትሠራ የነበረች ሴት አገኘች። «ኡ፣ ያ ሰውዬ! ፊቱ በጠዋት ሲታይ ቀኑን ያጠለሻል» አለች ሴትየዋ። «ሲዘጋ ግን የሁላችንንም ደሞዝ ጨርሶ ነው የዘጋው። ከአበዳሪዎቹ በፊት ለኛ። ካየሽው ሰላም በይልኝ፤ አይ፣ ተዪው አትበይልኝ።» ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ሰው ነው የነገሯት። ጠባየ ከባድ፣ ግን ቃሉ የማይታጠፍ።

ቆረጠች። የቀረው ለማሬ መንገር ነበር፤ ከዚያ ይልቅ ምድጃው ውስጥ ገብታ ብትዘጋው ይቀላት ነበር። እናቷ መላ ሰጧት፦ ብድር ከለከሉኝ በያት፣ አባባ ሐሳባቸውን ቀየሩ በያት፣ ታምሜያለሁ በያት። «አልዋሻትም» አለች ጋጋሪዋ። «እስካሁን ስንዋሻሽ ነው የኖርነው፤ በጨዋ ደንብ።»

ጥርስ ሐኪም ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ማሬ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ናት፤ ጉንጩን በመሐረብ የያዘ አንድ ሰውዬ ወረፋውን ይጠብቃል።

«ማሬ!» ብላ ተነሣች ማሬ። «መቼ ነው የምንፈራረመው?»

«ካንቺ ጋር አይደለም የምፈርመው» አለች ጋጋሪዋ፤ ቁርጥ አድርጋ ካልተናገረችው እንደማትናገረው ታውቃለች። «ከሚዛኑ ሰውዬ ጋር ነው።»

ማሬ ሳቀች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋ እንደ መብራት ጠፋ።

«በአንድ ዳቦ?»

«በዳቦው አይደለም። ተሳስተን ስናበቃ ማን ምን እንዳጠፋ ልንነጋገር ባለመቻላችን ነው።»

«ምን አጠፋሁ? ንገሪኛ!»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው!»

እዚህ ላይ ነው የማሬ ግድብ የተደረመሰው።

«እንግዲያው ስሚ! ጨው ጨምሬ ነበር! ከጆንያው መዝኜ ጨምሬ ነበር፤ ሰማያዊ ሳህን ብሎ ነገር የነገርሽኝ የለም! ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ገባኝ! ያኔውኑ ገባኝ! ግን ጋጋሪዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ ማን ነኝ ላርምሽ ብዬ ዋጥኩት። ደግሞ አንቺስ? ለምን አልጠየቅሽኝም? ረስታዋለች ብለሽ ተደብቀሽ ደገምሽልኝ! እንደ ሕፃን!»

ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ መሐረቡን አወረደ።

«ቀጥዪ» አለች ጋጋሪዋ።

«እቀጥላለሁ! ዳቦ ቤት ትይዣለሽ አይደል? በዱቤ ትጨርሺዋለሽ! እናትሽን እንዴት ናቸው ያለሽ ሰው ሁሉ ካንቺ ላይ ዱቤ ይወስዳል። ለአባባ ቤት የሸጥሽውን ስንቱን ከራስሽ ደሞዝ ሞላሽ? አይቼሻለሁ! ስንት ዓመት አየሁሽ! እምቢ ማለት አታውቂም፤ ከዚያ ቤትሽ ገብተሽ ሰው ሁሉ ተጫወተብኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ማሬ ማሬ እያልኩ አባብልሻለሁ! ሰለቸኝ!»

ከውስጥ የጥርስ መቦርቦሪያው ድምፅ እንኳ ቆመ፤ ሐኪሙም ይሰማ ነበር ማለት ነው።

ጋጋሪዋ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ከእውነትም አልፎ የሚጠቅም ነበር።

«ይህ አፍ እስከዛሬ የት ነበር?» አለች።

«ሆዴ ውስጥ ነዋ!» ማሬ እያለቀሰች ነው። «በቃ፣ አሁን ነገርኩሽ። እንዲህ ከሆነ የምትፈልጊው እንዲህ እሆናለሁ። ከኔ ጋር ፈርሚ።»

ማባበያ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። ጋጋሪዋ ለአፍታ ተወላወለች። እሺ ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። እናቷ ደስ ይላቸዋል፣ ሰፈሩ ደስ ይለዋል፣ ይህ ጉንጫም ሰውዬ ሳይቀር ደስ የሚለው መሰለ። እምቢ ማለት አታውቂም የተባለችው ግን ገና አሁን ነው።

«አይሆንም» አለች። «ይህችን አንዲት እውነት ከሆድሽ ለማውጣት ልብሽን መስበር ነበረብኝ። ዳቦ ቤት ውስጥ በየቀኑ እውነት ያስፈልጋል። በየቀኑ ልብሽን ልሰብረው አልችልም ማሬ። የሰውዬውን ግን ብሰብረውም ችግር የለውም፤ ልቡ የት እንዳለም አላውቅም።»

ጉንጫሙ ሰውዬ ሳቁ አምልጦት «ወይኔ ጥርሴን!» አለ። ማሬ አልሳቀችም።

«ውጪልኝ» አለች። «የሐኪም ቤቱ ሰዓት አልቋል።»

የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ጠበቃ ዘንድ ተቀመጡ። አባባ በአንድ በኩል ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሚዛኑ ሰውዬ በሌላ በኩል ሸሚዙን ቆልፎ። ጠበቃዋ ውሉን አንብባ ጨረሰችና የሚጨመር አለ ወይ አለች።

«አለ» አለች ጋጋሪዋ። «እኔ በዱቤ የመሸጥ ሥልጣን የለኝም ብለሽ ጻፊ። ለማንም። የእናቴን ጤና ለጠየቀኝም ቢሆን።»

ጠበቃዋ ብዕሯን አነሣች። «ሸሪክ በሸሪኩ ላይ ገደብ ሲያስጽፍ አይቻለሁ። በራሱ ላይ ሲያስጽፍ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

«የሚያውቀኝ ሰው ነው ያስጻፈኝ።»

ሚዛኑ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ በደንብ አያት። «ያንን ሰው ብታመጪው ይሻል ነበር» አለ።

«ለኔ ይሻል ነበር፤ ለዳቦው አይሻልም» አለች፤ ፈረመች። እሱም ፈረመ። አባባ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ ቸግሯቸው ሁለቱንም ሲያዩ፣ ሰውዬው «ለሷ ይስጧት፤ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት» አለና ሥራው ተጀመረ።

ከጠበቃዋ ቢሮ ወጥታ በቀጥታ ማሬ ቤት ሄደች። አንኳኳች። ከውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አልከፍትም።»

ጋጋሪዋ በሩ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። ከተዋወቁ ጀምሮ ማሬ እምቢ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። ከፋት፤ ከመከፋቱ ሥር ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ነበረ።

«ተናደሻል?»

«በጣም!»

«ልክ ነሽ። ነገ ልምጣ?»

«ነገም አልከፍትም!»

«ከነገ ወዲያስ?»

የእግሯ ኮቴ ወደ በሩ ሲጠጋ ይሰማል።

«ከነገ ወዲያ ደውለሽ ነይ» አለች ማሬ ከበሩ ወዲያ። «እስከዚያ ንዴቴ ካልበረደልኝ ግን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ። አታለቅሺም ታዲያ!»

«አላለቅስም» አለች ጋጋሪዋ እያለቀሰች፣ ምድጃዋን ልታቀጣጥል ወረደች።